ለልጣጩ ማን ይከፍላል?

«ድንቹ ስንት ገባ?» ይላል ምግብ ቤት ያለው ሰው። «ሦስት ሺህ» ይለዋል ነጋዴው፤ ኩንታሉን ማለቱ ነው። ሆሳዕናም ይሁን ዱራሜ፣ ሾኔም ይሁን ሺንሺቾ፣ የጅምላ ንግግር በዚህ ያልቃል። ቢከራከሩም የሚከራከሩት ከሦስት ሺሁ ላይ መቶና ሁለት መቶ ብር በማስቀነስ ነው። እኔ ግን ከመከራከራቸው በፊት ልጠይቃቸው፤ ሦስት ሺህ ብር የተጠራበት የትኛው ኩንታል ነው? ከነአፈሩ፣ ከነልጣጩ፣ ከነበሰበሰው ሚዛን ላይ የወጣው ነው ወይስ ተልጦና ታጥቦ ድስት የሚገባው? ሁለቱ አንድ ዕቃ አይደሉም። ታዲያ ዋጋቸው እንዴት አንድ ሆነ?

ይህን ጥያቄ ለሐዲያና ለከምባታ ሰው ማቅረብ ድፍረት ሊመስል ይችላል፤ ነገሩን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለምና። እንሰት የሚገዛ ሰው ግንዱን በኪሎ አስመዝኖ ሲገዛ ማን አይቷል? ጓሮ ገብቶ የቆመውን ተክል ውፍረቱን ያያል፣ ዕድሜውን ይጠይቃል፣ ከዚያ በሆዱ የሚያሰላው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስንት ቆጮ ይወጣዋል? ሴቶቹ ሲፍቁት፣ ተጨምቆ ከሚወጣው ውሃ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ቡላ ይሆናል፤ ያው አታካና የሚሠራበት ቡላ። ፍቃፊው ጉድጓድ ገብቶ ቆጮ ይሆናል። ክሩ ቃጫ ሆኖ ለብቻው ይሸጣል። ቅጠሉ ለከብትም ለመጠቅለያም ነው። አንዱም ክፍል ያለ ስም፣ አንዱም ያለ ዋጋ አይቀርም። እንሰት ላይ እንዲህ የጠራ ሒሳብ ያለው አገር፣ ድንች ላይ ሲደርስ ለምን ጆንያውን እንዳለ መግዛት ይቀለዋል?

ቤተሰብ ሦስት ኪሎ ገዝቶ ቢልጥ ልዩነቱ እፍኝ ነው፤ ክርክሬ ከእሱ ጋር አይደለም። ክርክሬ በኩንታል ከሚገዛው ጋር ነው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ያለባት፣ የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለባት፣ የክልል ቢሮዎች የገቡባት ሆሳዕና ዛሬ የትልልቅ ድስቶች ከተማ ናት። በየተቋሙ ወጥ ቤት፣ በየሆቴሉ፣ በየሠርጉ ድግስ በቀን የሚላጠው ድንችና የሚቀረደደው ጥቅል ጎመን ብዙ ነው። ከእነዚህ አንዱን ለይቼ አልከስም። ነገር ግን በኩንታል የሚገዛ ሁሉ፣ የግልም ይሁን የመንግሥት፣ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች አሉት።

የመጀመሪያው ስለ ትንንሹ ድንች ነው። ገበያው ላይ ትልቅና ትንሽ ድንች ለየብቻ ሲቀርብ ትንሹ ዝቅ ባለ ዋጋ ይሸጣል። ገዢውም «ሁሉም ያው ድንች ነው፤ ተቀቅሎ ይፈርስ የለ?» ብሎ ትንሹን ያነሳል፤ ቁጠባ መሆኑ ነው። እውነት ቁጠባ ነው?

ልጣጭ የሚነሳው ከገላ ላይ ነው። ትንሽ ድንች ደግሞ ከሥጋው ጋር ሲተያይ ገላው ብዙ ነው። እንቁጠረው። ድንቹ ድቡልቡል ነው እንበል፤ ቢላዋው ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ይዞ ይነሳል እንበል፤ ችኩል እጅ ከዚህም ያወፍራል። ወርዱ ሰባት ሳንቲ ሜትር የሆነ ድንች እንዲህ ሲላጥ ከመቶው ወደ 84 ይተርፈዋል፤ ልጣጭ ሆኖ የሚሄደው 16 ነው። ወርዱ አራት ሳንቲ ሜትር የሆነው፣ ማለትም የዶሮ እንቁላል የሚያህለው፣ በዚያው ቢላዋና በዚያው እጅ ሲላጥ የሚተርፈው 73 ብቻ ነው፤ 27ቱ መሬት ላይ ነው። የተላጠው ያው ሁለት ሚሊ ነው፤ የጠፋው ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

አሁን ዋጋ እናልብሰው። ለስሌት እንዲመች ትልቁ ኪሎው 30 ብር፣ ትንሹ 27 ብር ይሁን። ገዢው በእያንዳንዱ ኩንታል 300 ብር «አተረፈ»፤ በሪፖርቱም ላይ ይጻፍለታል። የተላጠው ድንች ዋጋ ግን ስንት ሆነ? ትልቁን 30ን ለ0.838 ስናካፍለው 35 ብር ከ80 ይመጣል። ትንሹን 27ን ለ0.729 ስናካፍለው 37 ብር ከሳንቲም። ርካሹ ድንች ተወደደ። አንድ ሺህ ኪሎ የተላጠ ድንች ለሚፈልግ ወጥ ቤት፣ ከትልቁ ወደ 1,193 ኪሎ መግዛት ይበቃዋል፤ ከትንሹ ግን 1,372 ኪሎ ያስፈልገዋል። በብር ሲሆን ከትንሹ ጋር የ1,200 ብር ያህል ኪሳራ ይመጣል። በዚህ ስሌት ትንሹ ድንች የሚያዋጣው ከትልቁ ቢያንስ 13 ከመቶ ሲረክስ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ቅናሽ ቅናሽ አይደለም።

ይህ የላጩን ድካም ሳንቆጥር ነው። ወርዱ ሰባት ሳንቲ ሜትር ከሆነው ድንች በኩንታል ውስጥ ወደ 500 ፍሬ ይገባል። ከእንቁላል አከሉ ግን ከ2,700 በላይ። አምስት እጥፍ የሚበልጥ ፍሬ እየተነሳ፣ እየተላጠ፣ ዓይኑ እየተቦረቦረ ይጣላል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስተው በቀዝቃዛ ውሃ ድንች የሚልጡት እናቶች ጨረታ ሲከፈት ኮሚቴው ውስጥ ተቀምጠው ያውቃሉ? ቢቀመጡ ኖሮ ትንሹን ድንች ማን ያሳልፈው ነበር?

ትንሹ ድንች ጥፋት የለበትም፤ ቦታው ሌላ ነው። ለዘር የሚመረጠው ድንች እንቁላል የሚያህለው ነው። ከነልጣጩ ተቀቅሎ በሚጥሚጣ ለሚበላም እሱን የሚያህል የለም። መንገድ ዳር ቅቅል ድንች የሚሸጡት ልጆች፣ ሳስበው፣ በዚህ ነገር ከብዙ ግዥ ክፍል ይበልጣሉ። ከነልጣጩ ገዝተው፣ ከነልጣጩ ቀቅለው፣ ከነልጣጩ ይሸጣሉ፤ የሚልጠው በላተኛው ነው። ከተቀቀለ በኋላ የሚነሳው ልጣጭ ደግሞ እንደ ወረቀት ስስ ስለሆነ በላተኛውም እምብዛም አይጎዳም። ወጥ ቤቶቻችንስ ሰላጣና ቅቅል የሚሆነውን ድንች መጀመሪያ ቀቅለው ቆይተው የማይልጡት ለምንድን ነው? «ሲሞቅ እጅ ያቃጥላል፣ ጊዜ ይፈጃል» የሚል መልስ ሰምቻለሁ፤ ለወጥ የሚከተፈውም በጥሬው መላጥ አለበት። ልክ ነው። ግን ለየትኛው ምግብ እንደሚገዛ ሳይታወቅ በኪሎ ዋጋ ብቻ መግዛት ምን ይባላል?

ሁለተኛው ጥያቄ ወደ ሒሳብ ክፍል ነው። ብክነትን የሚያስቡ ገዢዎችም አሉ፤ የሚያስቡበት መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። «ድንች ሩብ ያህሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ 25 ከመቶ ጨምረን እንግዛ» ይላሉ። 100 ኪሎ የተላጠ ከፈለጉ 125 ኪሎ ይገዛሉ። ከ125ቱ ሩቡ ሲጠፋ የሚቀረው ግን ስንት ነው? 93 ኪሎ ከሦስት ሩብ። መቶ አልሞላም። ሩቡ የሚጠፋው ከተጨመረውም ላይ ነዋ! ትክክለኛው መንገድ ማካፈል ነው፤ 100ን ለ0.75 ሲያካፍሉት 133 ኪሎ ይመጣል። ዋጋውም እንዲሁ ነው። 30 ብር ላይ ሩብ ጨምሮ 37 ብር ከ50 ያለ ሰው ተሳስቷል፤ 30ን ለ0.75 ያካፈለው 40 ብር ያገኛል፤ እውነተኛው ዋጋ እሱ ነው።

የጎደለው ስድስት ኪሎ ከሩብ ትንሽ ነው? በሰው 250 ግራም ድንች ለሚመድብ ወጥ ቤት 25 ሰው ማለት ነው። ሰልፉ መጨረሻ ላይ ወጡ መቅጠን የሚጀምረው፣ ጭልፋው ድንቹን ትቶ መረቁን የሚዝቀው ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ተማሪው ወጥ ሠሪዋን ይወቅሳል። እሷ ግን ምን አጠፋች? ስሕተቱ የተሠራው ከሳምንት በፊት ካልኩሌተር ላይ፣ ማካፈል የነበረበት ሰው ስላባዛ ነው። ጥፋቱ ደግሞ የሚጠፋው በበዛ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል። ከመቶ አሥር በሚጠፋበት ሽንኩርት ላይ ልዩነቱ አንድ ኪሎ ያህል ነው፤ ከመቶ አርባ በሚጠፋበት አትክልት ላይ ግን መቶ ኪሎ ፈልጎ 140 የገዛ ሰው እጁ ላይ የሚቀረው 84 ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል፤ ስለ ወረቀት ነውና። በመንግሥት ተቋም ውስጥ ድንቹ ንብረት ክፍል ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፤ ወጥ ቤት ሲወጣ ሞዴል 22። ሁለቱም ላይ የሚጻፈው ኩንታሉ ከነልጣጩ ነው። ከሞዴል 22 በኋላስ? ምንም ወረቀት የለም። አንድ ኩንታል ወጣ ተብሎ ተፈርሟል፤ ድስት ውስጥ 80 ኪሎ ገባ፣ 70 ገባ፣ 60 ገባ ብሎ የሚጽፍ የለም። የቀረውስ የት ሄደ? «ልጣጭ ነው።» ይህች አንዲት ቃል ስንቱን ነገር ትሸፍናለች?

ልጣጭ ስንት መሆን እንዳለበት የማይታወቅበት ቤት ውስጥ በሌሊት በጓሮ በር የሚወጣ ጆንያም ልጣጭ ይባላል። ነጋዴው አፈርና የበሰበሰ ጭኖ ያስገባው ልጣጭ ይባላል። ችኩል ላጭ አወፍራ የጣለችውም ልጣጭ ይባላል። ሦስቱ በአንድ ስም ከተጠሩ ኦዲተሩ ምኑን ከምኑ ይለያል? መጋዘኑ ገብቶ ሞዴል 19ን ከሞዴል 22 ጋር ያስተያያል፤ ይገጥምለታል፤ ፈርሞ ይወጣል። እንዲህ ባለ ቤት የሚጎዳው ደግሞ ሌባው አይደለም፤ ታማኟ ወጥ ቤት ኃላፊ ናት። እውነተኛውን 30 ኪሎ ልጣጭ ይዛ «ይኸው» ብትል ማስረጃ የላትም፤ ሲጠረጥሯትም መልስ የላትም። የታወቀ ልክ ቢኖር ግን እሷም ነፃ ትወጣለች፣ ሌላውም ይያዛል። ልኩን ለማወቅ ፈቃደኛ ያልሆነ ኃላፊ ካለ፣ ምን እንዳይታይ ፈልጎ ነው ብሎ መጠየቅ ያስነውራል?

ልኩ እንዴት ይታወቃል? የውጭ የምግብ አዘገጃጀት መጻሕፍት ሠንጠረዥ አላቸው፤ ተልጦ የሚተርፈው ድንች ከመቶ 75 እስከ 85፣ ካሮት ያለ ቅጠሉ ወደ 80፣ ሽንኩርት ወደ 90 እያሉ ይጽፋሉ። ለመነሻ ይጠቅማል። ነገር ግን የዚያ አገር ድንች ታጥቦ፣ በመጠን ተለይቶ የሚሸጥ ነው። ዶዮገና ላይ በክረምት ዝናብ ተቆፍሮ ጭቃውን እንደለበሰ ጆንያ የገባ ድንች ከዚያ ሠንጠረዥ ጋር ምን ያገናኘዋል? ስለዚህ ልኩን የሚያወጣው ራሱ ወጥ ቤቱ ነው። ሥራው ሚዛንና የአንድ ሰዓት ትዕግሥት ይፈልጋል።

መጀመሪያ ናሙናው ከየት ይነሳል? ከጆንያው አፍ ላይ ከሆነ ተታለናል፤ ትልልቁና ያማረው ከላይ፣ ትንንሹና የተቆረጠው ከሆዱ መሆኑን ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። ጆንያው ይገልበጥና ከላይም ከመሃልም ከታችም ተቀላቅሎ አሥር ኪሎ ይነሳ። ይመዘን። ከዚያ ጭቃው ይራገፍ፤ እንደገና ይመዘን፤ ይህ ልዩነት አፈር ነው፣ ተጠያቂው ሻጭ ነው። ቀጥሎ የበሰበሰው፣ በመቆፈሪያ የተወጋውና አረንጓዴ የሆነው ይለይ፤ ይመዘን። አረንጓዴውን «ምን አለበት» ብሎ ማለፍ አይገባም። ድንች ብርሃን ሲያገኝ አረንጓዴ ይለብሳል፤ አብሮም ሶላኒን የሚባለው መራራ መርዝ ይበዛበታል፤ መቀቀልም አያጠፋውም። ስለዚህ አረንጓዴው በጥልቀት ተቆርጦ መጣል አለበት፤ ሙሉ በሙሉ የተለወጠው ደግሞ ከነጭራሹ። ነጋዴው ፀሐይ ላይ አስጥቶ ያዋለው ድንች ገዢው ቤት ደርሶ ብክነት የሚሆነው በዚህ ነው። በመጨረሻ የቀረው ይላጥ፣ ይመዘን።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የተላጠ ድንች እንዳይጠቁር ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከውሃ እንደወጣ ሳይንጠፈጠፍ ከተመዘነ ውሃውም አብሮ ይመዘናል፤ የተረፈው ከእውነተኛው በልጦ ይታያል። ስለዚህ ከውሃ ሳይገባ ወይም በደንብ ተንጠፍጥፎ ይመዘን። ሌላው፣ ማን እንደላጠው ይጻፍ። ሁለት ሴቶች ከአንድ ጆንያ እኩል አምስት አምስት ኪሎ ይላጡና ይታይ፤ በትልቅ ቢላዋ የሚላጠውና በመላጫ የሚላጠው ሲነጻጸርም ይታይ። የሁለት ሚሊው ልጣጭ ወደ አንድ ሚሊ ቢወርድ ከሰባት ሳንቲ ሜትሩ ድንች የሚጠፋው ከ16 ወደ 8 ከመቶ ይወርዳል። ለመላጫ የሚወጣው ብር በስንት ኩንታል ይመለሳል? ቢላዋ እያደለ ብክነት በዛ የሚል አስተዳደር ማንን ነው የሚወቅሰው?

አንድ ጊዜ ተመዝኖ የተገኘው ቁጥርም ለዓመት አያገለግልም። አዲስ የተቆፈረ ድንች ቆዳው ስስ ነው፤ በጣት ይነሳል። ወራት የተቀመጠው ይኮማተራል፣ ያቆጠቁጣል፣ ሲላጥም ልጣጩ ይወፍራል። ዝርያውም ይለያል፤ ዓይኑ የጠለቀ ድንች እያንዳንዱ ዓይን ቁራጭ ሥጋ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ በወቅቱና አቅራቢ በተለወጠ ቁጥር ይመዘን፤ ቀኑ፣ አቅራቢው፣ የላጩ ስም፣ አራቱ ሚዛኖች በአንድ ደብተር ይጻፉ። ይህን ደብተር ከሞዴል 22 ጀርባ ማያያዝ የሚከለክል መመሪያ አለ?

ጥቅል ጎመንን ሳላነሳ አላልፍም፤ የዚህ አካባቢ ደጋ የሚያበቅለው ነውና። ጥቅል ጎመን በቁጥር ሲሸጥ አይቼ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሁለት ራስ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ዓይን እኩል ያደርጋቸዋል፤ አንዱ ውስጡ የጠበቀ ነው፣ ሌላው ቅጠሉ ልል ሆኖ መሃሉ አየር ነው። በእጅ አንስቶ መመዘን፣ በአውራ ጣት መጫን ይለየዋል። በኪሎ ሲሸጥ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የውጪዎቹ አረንጓዴ ቅጠሎች መኪና ላይ ውስጡን ይጠብቃሉ፤ ነጋዴው ባያነሳቸው ልክ ነው። ግን በኪሎ የሚሸጥ ከሆነ፣ ለመከላከያነት የመጣው ቅጠል በጎመን ዋጋ ለምን ይመዘናል? ቅጠሉ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ነጩ አንኳር ይቆረጣል። ጠንካራው አንኳር ራሱ ተልጦ ቢከተፍ ይበላል፤ አብዛኛው ወጥ ቤት ግን ይጥለዋል። ከአንድ ራስ ስንት እንደሚጠፋ የሚወሰነው እንግዲህ በጎመኑም፣ በነጋዴውም፣ በወጥ ሠሪዋም ነው። ሦስቱን ሳይለይ «ጎመን ይበክናል» ማለት ምን ይጠቅማል?

የሚጣለው ቅጠልስ የት ይሄዳል? ከብት በሚረባበት አገር የጎመን ቅጠል ቆሻሻ አይደለም። በየማለዳው ከትልልቅ ወጥ ቤቶች በስተኋላ ልጣጭና ቅጠል በጆንያ ተሸክመው የሚወጡ ሰዎች አሉ። ይሁን፤ ከብት ይብላው። ግን ተቋሙ በጎመን ዋጋ የገዛውን ቅጠል በነፃ የሚወስደው ማን ነው? ለጽዳት ሠራተኞች የተሰጠ ጥቅም ከሆነ በግልጽ ይነገር፤ የሚሸጥ ከሆነም ገቢው ከጎመኑ ዋጋ ላይ ይቀነስ። ልጣጭ የሚወስደው ሰው ከላጮቹ ጋር ከተዛመደ ደግሞ ልጣጩ ቀን በቀን እየወፈረ ቢሄድ ሊያስገርመን አይገባም። ከብት ይብላው ብልም፣ አረንጓዴና የበቀለ ድንች ልጣጭ ለከብትም እንደማይበጅ መናገር ያስፈልጋል።

ወቀሳውን ሁሉ በገዢው ላይ ጨርሼ ገበሬውን ልረሳው አልፈልግም። አንጋጫ ወይም ዶዮገና ያለ ገበሬ ድንቹን ለምን ይለይ? ለምን ያራግፍ? ትልልቁን ከትንንሹ ቢለይ፣ ጭቃውን ቢያጸዳ፣ በመቆፈሪያ የተወጋውን ቢያወጣ፣ ጆንያው ይቀልበታል እንጂ ዋጋው አይጨምርለትም። ደላላው ሁሉንም በአንድ ዋጋ ይጭነዋል። ከዚያ ከተማ ላይ «የእኛ ገበሬ ጥራት አያውቅም» እንላለን። ጥራቱን መቼ ከፈልንበት? ቀደም ብለን ባየነው ስሌት የሰባት ሳንቲ ሜትሩ ድንች ከአራት ሳንቲ ሜትሩ በኪሎ 15 ከመቶ ያህል ቢወደድ እንኳ ገዢው አይከስርም። ይህ ህዳግ የማን ነው? አሁን ባለው የግዥ አሠራር የገበሬውም የገዢውም አይደለም፤ ልጣጭ ሆኖ ይጣላል። የመጠን ልዩነትን በዋጋ የሚያከብር ገዢ ቢመጣ፣ ገበሬው ትንሹን ለዘርና ለቤቱ አስቀርቶ ትልቁን ለገበያ ማውጣት በሚቀጥለው ምርት አይጀምርም ነበር?

«ጨረታው ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበ ይሰጣል፤ ሕጉ ያስገድደናል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ያስገድዳል? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ግዥ አዋጅ ቁጥር 649 ዋጋ የሚወዳደረው በሰነዱ ላይ የተጻፈውን ዝርዝር መስፈርት ባሟሉት መካከል መሆኑን አስቀምጦ ነበር። መስፈርቱን የሚጽፈው ማን ነው? ገዢው ራሱ። «ድንች፣ አንደኛ ደረጃ፣ በኩንታል» ብሎ የጻፈ ሰው አንደኛ ደረጃ ስንት ሳንቲ ሜትር መሆኑን ካልጻፈ፣ አቅራቢው እንቁላል አከሉን ሲያመጣለት በምን ይመልሰዋል? ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው አሸነፈ ማለት ዝቅተኛ ድንች ያቀረበው አሸነፈ ማለት የሚሆነው ሰነዱ ባዶ ሲሆን ነው።

እንግዲህ የጨረታ ሰነድ ለምታዘጋጁ ሰዎች የምለምነው ጥቂት መስመር ነው። ድንች ከሆነ ዝቅተኛው ወርድ በሳንቲ ሜትር ይጻፍ፤ አንድ ቀለበት ሽቦ ለመፈተሻ ይበቃል። አፈርና የበሰበሰ ከመቶ ከስንት እንደማይበልጥ፣ ከበለጠ ከክፍያው ላይ እንደሚቀነስ ይጻፍ። ጥቅል ጎመን የውጪ ቅጠሉ ተነስቶ እንደሚመዘን ይጻፍ። አቅራቢዎች የሚወዳደሩበት ዋጋም ናሙናቸው እፊታቸው ተልጦ በሚወጣው የሚበላ ኪሎ ይሁን። ሞዴል 19 ከመቆረጡ በፊት ጆንያው ይገልበጥ፤ ሲገለበጥም ነገ የምትልጠው ሴት አብራ ትቁም።